ፊደል የቆጠሩ

በወር አንድ ቀን ለማላውቃት ሴት ደብዳቤ እጽፍ ነበር። ሌላው ሰው «የወር ሪፖርት» ይለዋል፤ ምን አቀድን፣ ምን ሠራን፣ ምን ጎደለ፣ ለምን ጎደለ የሚል ሠንጠረዥ ነው። ለእኔ ግን ደብዳቤ ነበር። የሚያነበው ሰው ካለ ሠንጠረዥም ደብዳቤ ነው።

ሴትዮዋ ኖርዌይ ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ የአንድ የሴቶች ማኅበር ጸሐፊ ናት። ማኅበሩ አራዳ የሚኖሩ ስልሳ ሴቶች ማንበብ እንዲማሩ ገንዘብ ይረዳል። ፊርማዋ ከጥቅል እንደተፈታ ክር የተጥመለመለ ስለሆነ ስሟን አንብቤው አላውቅም። በልቤ «ሴትዮዋ» እላታለሁ። ሽበት ሰጥቻታለሁ፤ ወደ ባሕር የሚያይ መስኮትም ሰጥቻታለሁ። ፖስታዬን በቅቤ ቢላዋ ትከፍተውና መነጽሯን ከሽርጧ ኪስ አውጥታ፣ ጎረቤቶቿን ጠርታ ታነብላቸዋለች። ይህን ሁሉ ማን ነገረሽ ብትሉኝ ማንም አልነገረኝም። ቁጭ ብዬ መቃዠት እወዳለሁ። እናቴ «የሺዓለም ዓይኗን ገልጣ ነው የምትተኛው» ትል ነበር።

ቢሯችን ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከፍ ብሎ፣ አንድ ጫማ ሰፊ ከሚሠራበት ቤት ፎቅ ላይ ነበር። ያን ክረምት፣ የሃምሳ ሰባቱን፣ ፒያሳ በጉም ውስጥ ተኝታ ነው የከረመችው። በመስኮቴ ሳይ ጃንጥላ ብቻውን ይሄዳል፤ በቅሎ ያለ እግር ትንሳፈፋለች፤ የወርቅ ቤቶቹ መብራት በቀን በርቶ የት እንዳለ ሳይታወቅ ቢጫ ቢጫ ይላል። ከታች የጫማ ሰፊው መዶሻ፣ ከላይ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ፣ ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ የሴቶቹ ድምፅ። ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ። ለ ሉ ሊ። በዜማ ነው የሚሉት። ሦስቱ ድምፆች አንድ ላይ ሲመጡ ጽሕፈት መኪናው ላይ ጣቴን አሳርፌ ረጅም መንገድ ሄጄ እመለስ ነበር።

መምህሩ የኔታ ወልደሥላሴ ናቸው። የቤተ ክህነት ሰው ናቸው፤ ግን የሙስሊሙንም የክርስቲያኑንም ሚስት በአንድ አግዳሚ ወንበር አስቀምጠው «ፊደል ሃይማኖት የላትም» ብለው ያስተምራሉ። አለቃችን ደግሞ ወይዘሮ ሰገነት፤ ትምህርት ቤቱን ከባዶ ያቆሙ፣ ሻርፓቸው ዝናብ የማይደፍረው ሴት ናቸው። እትዬ ሰገነት ነው የምላቸው።

በሠንጠረዡ አራት መለኪያ አለ። የተመዘገቡ ሴቶች፣ በቀን በአማካይ የተገኙ፣ ትምህርት የተሰጠበት ቀን። አራተኛው የሁሉም አባት ነው። ከውጭ በመጣው ቅጽ ላይ በእንግሊዝኛ «ማንበብ የቻሉ ሴቶች» ይላል። የኔታ በየወሩ እንዲሞሉት ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። ለቋንቋ ውበት እጨነቃለሁ መሰለኝ፣ «ማንበብ የቻሉ» የሚለው ደረቀብኝ። «ፊደል የቆጠሩ ሴቶች» ብዬ ጻፍኩት። ማንም ሰው የተማረን ሰው ፊደል የቆጠረ ይላል። አምሮልኝ ነበር።

ዕቅዱም ቀላል ነው። ከኅዳር እስከ ጥቅምት አሥራ ሁለት ወር፤ ጳጉሜን ነሐሴ ላይ ለጥፈናታል። ስልሳን ለአሥራ ሁለት ብናካፍል በወር አምስት። ሰው በየወሩ እንደ እንቁላል አይለቀምም ያለ አልነበረም። የኔታም አላሳፈሩንም። በሰኔ መጨረሻ ዕቅዱ አርባ፣ ክንውኑ አርባ ሁለት ሆነ። ልዩነት በሚለው ረድፍ «ሁለት ብልጫ» ብዬ ስጽፍ፣ ሴትዮዋ በመስኮቷ አጠገብ ስታጨበጭብ በዓይኔ አየኋት።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ መልሷ መጣ። እትዬ ሰገነት አጠገቤ ቆመው ተረጎምኩላቸው። እንኳን ደስ ያላችሁ ይላል። ዕቅዱ ሊሞላ ስለሆነ፣ ሥራው በጥቅምት ሲጠናቀቅ ኮሚቴው እርዳታውን ወደ ሌላ ከተማ ሊያዞር አስቧል ይላል። የሐምሌን ሪፖርት እንዳየን እንወስናለን ይላል።

«በጣም ጎበዝ ሆነን ልንዘጋ ነው እንግዲህ» አሉ እትዬ ሰገነት። ፈገግ ለማለት ሞክረው አልሆነላቸውም። ከስልሳዎቹ ሌላ ስም አስመዝግበው ተራ የሚጠብቁ ሴቶች ነበሩ።

በዚያው ሳምንት ከሪማ መጣች። ከሪማን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃታል፤ ከባሏ ከሽኩር ጋር ድልድዩ አጠገብ ባርኔጣና ቀበቶ ይሸጣሉ። አፏ ስለት ነው። ፊደልን ከዳር እስከ ዳር ሳትተነፍስ የምትወርድ፣ የኔታ እንግዳ ሲመጣ የሚያስነሷት እሷን ነበር። በግንቦት ወር ከተቆጠሩት አምስት አንዷ ናት።

ያን ቀን ግን ትምህርቱ ሳይጀመር በሬን ዘጋችውና ከነጠላዋ ሥር ሁለት ቡናማ ጠርሙስ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

«የሺ፣ እስቲ እዪልኝ። የሚጠጣው የቱ ነው?»

ላያቸው ላይ መድኃኒት ቤቱ በእጅ ጽፎበታል። አንዱ «የሚጠጣ»፣ አንዱ «የሚቀባ፤ አይጠጣም» ይላል።

«ለማን ነው?»

«ለአማቴ። ለእማማ መይሙና። ለሳላቸው አንድ፣ ለጉልበታቸው አንድ። የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ማንበብ ትችያለሽ ወይ ሲለኝ፣ ፊደል ቆጥሬያለሁ አልኩት። እሱም ደስ አለው፤ ሳይነግረኝ ጠቅልሎ ሰጠኝ።» ዝቅ ብላ ጣቷን የሚቀባው ላይ አሳረፈች። «ትናንት ከዚህኛው በማንኪያ ቀዳሁላቸው። አሽትተው እምቢ አሉ። ‹ይኼ እግሬን እንጂ ጉሮሮዬን አያውቀውም› አሉኝ። እሳቸው ባያሸቱ ኖሮስ?»

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የፊደል ገበታ አሳየኋትና «ቀ»ን ነካሁላት። «ይህቺ ማን ናት?»

«ቆይ» አለች። ዓይኗን ጨፈነችና ከላይ ጀመረች። «ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ፣ ሸ...» በጣቷ ትቆጥራለች። «ዘጠነኛ ላይ ከሆነች ቀ ናት።»

«ከገበታው ወርዳ ጠርሙስ ላይ ብትቀመጥስ?»

«ጠርሙስ ላይ ዘጠነኛ የለም፣ የሺ።»

ያኔ ነው የገባኝ። ሀፍረቱ ከእግሬ ጀምሮ ወጣ። እኔ «ማንበብ የቻሉ» ማለቴ ነበር። የኔታ ደግሞ የተጻፈላቸውን ነው የሠሩት፤ ፊደል የቆጠሩትን ቆጠሩ። ቃሉ ሁለት ሰው ሆኖ ስምንት ወር ሙሉ በእኔና በእሳቸው መካከል ሲመላለስ ማናችንም አላየነውም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የእኔ ወለምታ ደግሞ በካርቦን ተባዝቶ ኖርዌይ ድረስ ሄዷል።

ለእትዬ ሰገነት ነገርኳቸው። የኔታንም አስጠራን። ሽማግሌው ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ።

«ልጄ» አሉ ስጨርስ፣ «ቆጠሩ ወይ አልሽኝ። ቆጠሩ አልኩሽ።»

«አዎ የኔታ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«የእኔም አለበት። በእኛ ቤት ከሀ ሁ ቀጥሎ አቡጊዳ ይመጣል። ፊደሉን አናውጦ ማስተማር ማለት ነው፤ አ ቡ ጊ ዳ እያለ። ተማሪው በዜማ ነው ወይስ በዓይኑ የሚያውቀው፣ የሚለየው እሱ ነው። በወር አምስት ስትሉኝ ጊዜ አጠረኝና አቡጊዳን ተውኩት። እንዳላሳፍራችሁ ብዬ።»

በሐምሌ የመጨረሻ ሳምንት ፈተንናቸው። እኔ አጭር ጽሑፍ አዘጋጀሁ፤ ማንም አስቀድሞ ያላየው፣ አራት መስመር፣ ስለ አንዲት በግ የጠፋችባት ሴት። እያንዳንዷ ተራ በተራ እየገባች ታነባለች፤ ከዚያ ወረቀቱን አስቀምጣ ምን እንደሚል ትናገራለች። የኔታ ራሳቸው «እኔ አልቀመጥም፤ የራሴን ልጆች እንዳልደግፍ» ብለው በረንዳው ላይ ቆዩ። ውጭ ጉሙ ከመስኮቱ ጋር ተጣብቋል። ሴቶቹ ከጉም እየወጡ ገብተው ወደ ጉም የሚመለሱ ይመስለኝ ነበር። አንዷ ወረቀቱን ይዛ ሀ ሁ ብላ በዜማ ጀመረች፤ እዚያ ወረቀት ላይ ሀም ሁም የለም። ማስቆም አቃተኝ። እስከ መጨረሻው ወርዳ ጨርሳ ደስ ብሏት ወጣች።

እስከ ሐምሌ ከተቆጠሩት አርባ ሰባት ሴቶች ያነበቡት አሥራ አራት ናቸው።

ግን እንዲህም ሆነ። አዳነች የምትባል፣ በአንድ ኬክ ቤት ዕቃ የምታጥብ ሴት አለች። ዜማው ተ ላይ ስለሚጠፋባት የኔታ ቆጥረዋት አያውቁም። ሳንጠራት ተራ ይዛ ገባች፤ ወረቀቱን አንስታ ስለ በጓ ሴትዮ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። «በጓ አልጠፋችም፤ ሴትዮዋ ነች ያልቆጠረቻት» ብላም ፈረደች። የት ተማርሽው ብላት፣ «ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ከወርቅ ቤቶቹ ሰሌዳ» አለችኝ። እንደ እሷ ያልተቆጠሩ ሌሎች ሁለት ተገኙ። አሥራ ሰባት ሆነ። ቆጠራችን ለካ በሁለቱም በኩል ነበር የሚያፈሰው፤ ያላነበቡትን ቆጥሮ ያነበቡትን ጥሎ።

ሠንጠረዡን አዘጋጀሁ። ዕቅድ አርባ አምስት፣ ክንውን አሥራ ሰባት፣ ልዩነት ሃያ ስምንት። ምክንያት የሚለው ረድፍ ባዶውን ቁጭ ብሎ ያየኛል።

እትዬ ሰገነት ወንበር ስበው ተቀመጡ። «በክረምቱ አሳብቢ» አሉኝ። «ዝናብ ብለሽ ጻፊ። ውሸት አይደለም፤ በአማካይ የሚመጡት ከአርባ አንድ ወደ ሃያ ዘጠኝ ወርደዋል።»

እውነት ለመናገር እኔም አስቤው ነበር። ዝናብ ለማንም የማያዳላ ምክንያት ነው፤ ማንም አይከሰስበትም። ሴትዮዋም ዝናብ ታውቃለች።

«ዝናቡ የቀሩትን ይገልጻል፣ እትዬ ሰገነት። ለዚያኛው ረድፍ እጽፈዋለሁ። ማንበብ ያልቻሉት ግን ዝናብ ስለጣለ አይደለም፤ ብዙዎቹ አንድም ቀን አልቀሩም።»

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው የምትሠሪው። ስምንት ወር የላክነው ስህተት ነው ካልን ዘጠነኛውን ማን ያምነናል? ዝም ብንል ቢያንስ በምስጋና ነው የምንዘጋው።»

«በምስጋና ስንዘጋ ከሪማ የት ትማራለች?»

እትዬ ሰገነት ተነሡ። መስኮቱን ከፈቱት፤ ጉሙ ገብቶ ትከሻቸው ላይ ተቀመጠ። ፈርቼ ነበር፤ እሳቸውን ሳይሆን ትምህርት ቤቱ በእኔ ቃል ምክንያት ሲዘጋ ማየትን። በመጨረሻ ዞረው፣ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እያደር መሆኑ ነው የሚያስፈራው» አሉ። «ጻፊው። እኔ እፈርማለሁ። የኔታን ግን አታስነኪብኝ።»

ጻፍኩት። ለሴትዮዋ እስከዛሬ ከጻፍኩት ሁሉ ረጅሙ ነበር። በሰኔ ያልናችሁን አርባ ሁለት ሰርዙት አልኩ፤ የቆጠርነው ፊደልን በቅደም ተከተል በቃላቸው የሚወጡትን እንጂ የሚያነቡትን አልነበረም። ጥፋቱ ከትርጉም ነው፤ ተርጓሚዋ እኔ ነኝ። ሁለተኛ፣ በወር አምስት ያልነው ዕቅድ ከመነሻው የማይሆን ነበር፤ መምህሩ እሱን ለማሟላት ሲሉ አስፈላጊ ትምህርት ዘለሉ፤ ያስዘለልናቸው እኛ ነን። ሦስተኛ፣ ከእንግዲህ አቡጊዳ ይሰጣል፤ በየወሩም ባልታየ ጽሑፍ ከመምህሩ ሌላ ሰው ይፈትናል። አራተኛ፣ በጥቅምት መጨረሻ ስልሳ አንሞላም፤ ከሠላሳ አምስት የምናልፍ አይመስለንም። ጠርሙሶቹንም ጻፍኩ። በቅቤ ቢላዋዋ ፖስታውን ስትከፍት አሰብኩና ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ በኋላ ስንት ቀን መስኮቷን ላየው ብሞክር መጋረጃው ወርዶ ነበር የሚታየኝ።

መልሱ ከመስቀል በኋላ መጣ። አጭር ነበር። ኮሚቴው ተከራክሯል፤ የተቆጡ አሉ። ወደ ሌላው ከተማ የመዞሩን ነገር አቆይተን የጥቅምትን ሪፖርት አይተን እንወስናለን ይላል። ከታች በእጅ ጽሑፍ አንድ መስመር ተጨምሮበታል፤ «ፊደሎቻችሁ ስንት ናቸው? ልቆጥራቸው ሞክሬ ነበር» የሚል። ደብዳቤውን ወደ ደረቴ አስጠግቼ አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ ለእትዬ ሰገነት ማስረዳት አልቻልኩም።

ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ በአቡጊዳ አለፈ። ከግድግዳው ወዲያ ያለው ዜማ ተሰበረ፤ በቦታው መንተባተብ፣ ዝምታ፣ ድንገተኛ ሳቅ መጣ። የኔታ ገበታውን ገልብጠው ይሰቅሉታል፤ ፊደል በካርቶን ቆርጠው እንደ ካርታ ይበውዙታል። ከሪማ በጣም ተቸግራ ነበር። ዜማውን ያን ያህል የምታውቅ ሰው መርሳቱ ይከብዳታል። በጥቅምት ፈተና ላይ ወረቀቱን ይዛ ላብ አጠመቃት፤ ሁለት ቃል ወጥታ ሦስተኛው ላይ ጠፋች። አስቀምጣው ወጣች፤ ያን ቀን ማንንም አልተረበችም።

በወሩ የመጨረሻ ቀን ከሰዓት ፀሐይ ወጥቶ ነበር። ቴዎድሮስ አደባባይ ድረስ ቆርቆሮው ሁሉ ይብለጨለጫል። ሪፖርቱ ከነካርቦኑ ጽሕፈት መኪናው ላይ ነው፤ ዕቅድ ስልሳ፣ ክንውን ሠላሳ ሦስት፣ ልዩነት ሃያ ሰባት። እኔ ደግሞ ለሚቀጥለው ዕቅድ ይሆነናል ብዬ የሃያ ሰባቱን ስም ከነርዕሱ በእጄ በአማርኛ እየዘረዘርኩ ነበር። ከሪማ ለየኔታ ባርኔጣ ይዛ መጥታ በጠረጴዛዬ ላይ አጎነበሰች። ወሬ ሳታወራ መቆሟ ገርሞኝ ቀና ስል ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

«ማን... በብ» አለች። «ማንበብ። ገ... ና። ገና።»

እስኪርቢቶዬን ያዝኩ።

«ያል... ቻ... ሉ።» ቀስ ብላ ወደ ታች ወረደች። ዓይኗ አልተጨፈነም፤ ጣቷም አይቆጥርም። አራተኛው መስመር ላይ ቆመች። «ከ... ሪ... ማ።»

ደንግጬ ዝርዝሩን በመዳፌ ሸፈንኩት።

«እጅሽን አንሺ» አለችኝ። «ገና አልጨረስኩም።»

አነሳሁ። የሚቀጥለውን አነበበች፤ ፈቲያ። የሚቀጥለውን፤ ረሂማ። እስከ ሃያ ሰባተኛው ወረደች፤ ሁለቱ ላይ ተሰናከለች፤ ተመልሳ አስተካከለቻቸው። እትዬ ሰገነት በር ላይ፣ የኔታ ከእሳቸው ኋላ ቆመዋል፤ መቼ እንደመጡ አላየሁም።

«ምን እንደሚል ንገሪኛ» አሉ የኔታ። የፈተናው ደንብ ነው።

ከሪማ ቀና አለች። ዓይኗ ሞልቷል፤ አፏ ግን የድሮው አፏ ነው። «ማንበብ ያልቻሉ ሰዎች ስም ይላል፣ የኔታ። እኔንም ጨምሮበታል። የጻፈው ሰው ዋሽቷል።»

የኔታ ኮፍያቸውን አውልቀው ወደ መስኮቱ ዞሩ። እትዬ ሰገነት ወደ እኔ አዩና «ያልታየ ጽሑፍ ነው ወይስ አይደለም?» አሉ።

«ያልታየ ነው።»

ወረቀቱን ከመኪናው ላይ መዝዤ ቀደድኩት። አዲስ ወረቀት፣ አዲስ ካርቦን አስገባሁ። ዕቅድ ስልሳ፣ ክንውን ሠላሳ አራት፣ ልዩነት ሃያ ስድስት። ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው እንደገና መምታት ነበረብኝ፤ ሁለት ጊዜም አበላሸሁት። በዚህ ምክንያት ፖስታ ቤት ሳልደርስ ተዘጋ። ሪፖርቱ አንድ ቀን ዘገየ፤ መዘግየቱንም ከነምክንያቱ ጻፍኩት።